ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በአንድ ሕንጻ ሦስት የወባ ታማሚ ከተገኘ ወረርሽኝ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ለሥራ መተሐራ ሰንብቶ ሲመለስ ወባ ተገኘበት። በሕንጻችን ሌሎች ሁለት ሰዎችም ወባ አለባችሁ ተብለዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ወረርሽኝ ገባ» ይላል። ዜና ስሰማ ደግሞ አንዱን በሽታ ወረርሽኝ፣ ሌላውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ይሉታል፤ ኮሮና «ኢንዴሚክ ሆነ» ሲሉም ሰምቻለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔስ መፍራት ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ ሦስት ታማሚ መገኘቱ ብቻውን ወረርሽኝ አያሰኝም። መታወቅ ያለበት ሦስቱ የት ሆነው በትንኝ እንደተነከሱ ነው። ሦስቱም ከቆላ የተመለሱ ከሆነ በሽታው የተያዘው እዚያ ነው፤ ኮዬ የተገኘው ምርመራው እዚህ ስለተደረገ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከአካባቢው ሳይወጣ ከታመመ ግን ነገሩ ይለያል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከመተሐራ እንጀምር። እዚያ ወባ ነባር በሽታ ነው፤ ኢንዴሚክ የሚባለውም ይኸው ነው። ከሌላ ቦታ ሰው ባያመጣውም እዚያው ከትንኝ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ትንኝ እየተዘዋወረ ዓመት ከዓመት ይኖራል። ስለዚህ የሚጠበቅ ቁጥር አለው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የታማሚው ቁጥር ይጨምራል። ይህ ጭማሪ በየዓመቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ብቻውን ወረርሽኝ አይባልም። ወረርሽኝ የሚባለው በዚያ ቦታ፣ በዚያ ወቅት ከሚጠበቀው በላይ ሰው ሲታመም ነው። ነባር በሽታም ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

«ከሚጠበቀው በላይ» የሚለው በግምት አይወሰንም። ጤና ተቋማት የወባ ታማሚዎችን ቁጥር በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ የዘንድሮው ሳምንት ካለፉት 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸራል። አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ባለፉት 5 ዓመታት፣ በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት 22፣ 35፣ 18፣ 41 እና 27 ታማሚ መዝግቧል እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ 18፣ 22፣ 27፣ 35፣ 41 ይሆናሉ። ወሰኑ ከትልቁ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ 35 መሆኑ ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 33 ታማሚ ቢመጣ ብዙ ይመስላል እንጂ ከተለመደው አልወጣም። 38 ከመጣ ግን ወሰኑ ታልፏል፤ ጤና ጣቢያው ለወረዳው አሳውቆ ምክንያቱን መፈለግ አለበት።

ወሰኑ 41 ያልሆነበት ምክንያት አለ። ከአምስቱ ዓመታት ትልቁ ቁጥር የተመዘገበበት ዓመት ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ሊሆን ይችላል። እሱን መለኪያ ብናደርገው ያለፈው ወረርሽኝ የአሁኑን ይሸፍንብናል።

የ5 ዓመት መዝገብ በሌለበት ቦታ የዘንድሮው ሳምንት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት እጥፍ ጋር ይነጻጸራል። ይህ በናንተ ዓይነት አዲስ ሰፈር በጥንቃቄ መታየት አለበት። አምና በአንድ ሳምንት 4 ታማሚ የነበረበት ጤና ጣቢያ ዘንድሮ 8 ቢያገኝ እጥፍ ነው። ነገር ግን በመካከሉ አዳዲስ ሕንጻዎች ለነዋሪ ተላልፈው የሰፈሩ ሰው ቁጥርም እጥፍ ሆኖ ከሆነ፣ በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ በሽታው ባለበት ነው። ሌላው የሚያሳስት ነገር የምርመራ ብዛት ነው። አምና 40 ሰው ተመርምሮ 4 ቢገኝበት፣ ዘንድሮ 120 ተመርምሮ 12 ቢገኝበት በሁለቱም ጊዜ ከመቶ 10 ነው፤ የጨመረው የተመርማሪው ቁጥር ነው። እንደ አምናው 40 ሰው ብቻ ተመርምሮ 12 ከተገኘበት ግን ከመቶ 30 ደርሷል፤ ይህ ያሳስባል። ዜና ላይ ቁጥር ሲሰሙ ከስንት ተመርማሪ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ከየትኛው ወቅት ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ይፈልጉ። ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ የተደመረ ቁጥር ምንጊዜም እያደገ ነው የሚሄደው፤ ወረርሽኙ እየበረደ መሆኑን አያሳይም።

አሁን ወደ ሰፈራችሁ። በሀገራችን ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የወባ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በትንኟ ሆድ ውስጥ ማደግ አለበት፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይጓተትና ሳይጨርስ ትንኟ ትሞታለች። አደገኛው ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ትንሽ ዝቅ ያለ ሙቀት ይችላል። ኮዬ ፈጬ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይህ ይጠብቃችኋል፤ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። በአጎራባቻችሁ አቃቂና አካባቢው፣ እዚያው የሚተላለፍ ወባ መኖሩ ከ20 ዓመት በፊት በጥናት ታይቷል።

ከሰፈሩ ያልወጣ አንድ ታማሚ ከመተሐራ ከተመለሱ አሥር ታማሚዎች ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የሚጠበቀው ቁጥር ወደ ዜሮ በሚጠጋበት ቦታ ወሰኑም ዝቅተኛ ነው። ኮሌራም እንዲሁ ነው፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ አንድ ሰው ብቻ ከተገኘ እንደ ወረርሽኝ ተቆጥሮ ሥራ ይጀመራል።

ወባ ባልለመደው ደጋ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በሀገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በቆላ በተደጋጋሚ የተያዘ አዋቂ ሰው በሽታውን በከፊል የሚቋቋም አቅም ያዳብራል፤ ደገኛው ግን ያ አቅም ስለሌለው ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይጎዳል።

ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ፣ ማለትም ፓንዴሚክ፣ የሚለየው በስርጭቱ ስፋት ነው። በሽታው በብዙ ሀገሮችና አህጉራት፣ በየሀገሩ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሲስፋፋ ይባላል። የገዳይነቱ መጠን መለኪያ አይደለም፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢቦላ ከኮሮና በብዙ እጥፍ ገዳይ ነው፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኖ አያውቅም። ወባም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በየዓመቱ ቢገድልም በየአካባቢው የሰፈረ በሽታ እንጂ ፓንዴሚክ አይባልም።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ሌላ አዋጅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. «ዓለም አቀፍ ትኩረት የሚሻ የጤና አደጋ» ብሎ አወጀ፤ ፓንዴሚክ ብሎ የጠራው ግን መጋቢት 2 ቀን ነው። ሀገራችን የመጀመሪያውን ታማሚ ያገኘችው ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ነበር። የመጀመሪያው አዋጅ መንግሥታት በአስቸኳይ እንዲተባበሩ የሚጠራ ነው፤ በሽታው ዓለምን አዳርሷል ማለት አይደለም። ኤምፖክስም እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 ይህ አዋጅ ታውጆበታል፤ ፓንዴሚክ ግን አልተባለም።

የኮሮናው አዋጅ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ ቫይረሱ ግን አሁንም አለ። ኢንዴሚክ ሆነ የሚሉት ከእኛ ጋር ይኖራል፣ የሚጠበቅ ደረጃ ይዟል ለማለት ነው እንጂ ለዘብ ብሏል ማለት አይደለም፤ ሳንባ ነቀርሳም ነባር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ የዚያን ጊዜው ዓለም አቀፍ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የዚያ ቫይረስ ዝርያዎች ዓለም አቀፉ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በየወቅቱ ጉንፋን እያስከተሉ፣ አቅመ ደካሞችንም እየገደሉ ቆይተዋል።

እንግዲህ እርስዎ የሚያደርጉት ይህ ነው። ባለቤትዎ የተገኘባቸው ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ ከምርመራ ወረቀታቸው ይመልከቱ። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ስለዚህ ለጉበቱ የታዘዘውን ፕሪማኪን ትኩሳቱ ቢለቅም እስከ መጨረሻው ቀን መጨረስ አለባቸው። ይህን መድኃኒት ለሌላ ሰው አያካፍሉ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር መውሰድ የለባትም። ከቤተሰቡ ማንም ቢያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ የት እንደሄደና መቼ እንደተመለሰም ለባለሙያው ይንገር፤ ካልነገረ ደጋ ላይ ወባ ላይታሰብ ይችላል። መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ ያለበት ራስን መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ።

ሁለቱን ጎረቤቶችዎን ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ከመታመማቸው በፊት በነበረው አንድ ወር ከሰፈሩ ወጥተው ያደሩበት ቦታ አለ? በሽታው ቫይቫክስ ከሆነ ጥያቄውን ወደ አንድ ዓመት ያራዝሙት፤ ከዚህ በፊት ወባ ታመው ያውቁ እንደሆነም ይጨምሩ። አንዳቸው እንኳ የትም አልወጣሁም ካሉ ለጤና ጣቢያው ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ይንገሩ፤ በአካባቢው የወባ ትንኝና የምትራባበት የተኛ ውኃ መኖሩን መጥተው የሚፈትሹት ያን ጊዜ ነው።