ዘይት ሲወደድ፦ ፊፎ ወይስ አማካይ ዋጋ?

«ደብረ ብርሃን ላይ ዘይት በጅምላ እናከፋፍላለን። ዋጋው በየጭነቱ ይጨምራል። የሂሳብ ባለሙያችን በፊፎ ልያዘው ወይስ በአማካይ ይላል። የትኛው ያዋጣናል?»

ወንድሜ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ የጅምላ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ለእናንተ ዓይነት ሥራ አማካዩን እመርጣለሁ። ለስሌት በሚቀል ዋጋ ላሳይህ።

መጋዘናችሁ ውስጥ በ2,000 ብር የገባ 100 ጀሪካን አለ እንበል። ቀጥሎ 300 ጀሪካን በ2,400 ገዛችሁ። ከዚያ 250 ጀሪካን በ2,600 ሸጣችሁ፤ 650,000 ብር ገባ። በፊፎ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ 100 ጀሪካን በ2,000፣ 150 ጀሪካን በ2,400 ይታሰባል። ወጪው 560,000፣ ትርፉ 90,000 ይሆናል። በአማካይ ከሆነ ግን ጠቅላላውን 920,000 ብር ለ400 ታካፍላለህ፤ አንዱ 2,300 ይወድቃል። ወጪው 575,000፣ ትርፉ 75,000 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 2,000ንና 2,400ን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ያ 2,200 ይሰጣል፤ ብዛቱን ስለዘለለ ስህተት ነው።

የ15,000 ብሩ ልዩነት የትም አልሄደም። የቀረው 150 ጀሪካን በፊፎ 360,000፣ በአማካይ 345,000 ተብሎ ተመዝግቧል። ያ ዕቃ ሲሸጥ አማካዩም ትርፉን ያወጣዋል። ግብሩ ግን ይዘገያል። 30 በመቶ የትርፍ ግብር የምትከፍሉ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆናችሁ፣ 4,500 ብር ለጊዜው እጃችሁ ላይ ይቆያል።

ከግብሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀጣዩ ጭነት 2,700 ቢገባስ? የሸጣችሁትን 250 ጀሪካን ለመተካት 675,000 ብር ያስፈልጋል። የሰበሰባችሁት 650,000 ነው። ሁለቱም መዝገብ «አተረፍክ» ይላል፤ ቀድሞ የነበረውን ያህል ዕቃ ለመመለስ ግን 25,000 ብር ጎደለ። ፊፎ ደግሞ ትርፉን የበለጠ አጉልቶ ስለሚያሳይ ባለቤቱ 90,000 አይቶ ለቤት ወጪ ያነሳል። ከዚያ ቀጣዩን ጭነት በዱቤ መጫን ይመጣል። የመሸጫ ዋጋ ስታወጡ መዝገቡን ሳይሆን የሚቀጥለውን ጭነት ዋጋ ጠይቃችሁ አውጡ።

ፊፎም የራሱ ጥቅም አለው። ቀሪውን ክምችት ለገበያው በቀረበ ዋጋ ያሳያል፤ ለባንክ ሂሳብ ስታቀርቡ ይህ ይረዳል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ዘንድሮ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን እያሉ ግብር በሚቀንሰው መዝለል ግን አይቻልም።

አማካዩን ከያዛችሁ የትራንስፖርቱንና የጫኝና አውራጁን ክፍያ ግዢው ላይ ደምሩ፤ ከመንግሥት የሚቀናነሰውን ቫት አትደምሩ። ስቶክ ካርዱ ላይም ግዢው ሳይመዘገብ ሽያጩ እንዳይቀድም ተጠንቀቁ፤ ከቀደመ የዚያ ቀን ሽያጭ በአሮጌው አማካይ ይወጣል። መጋዘኑ ውስጥ ግን በየትኛውም ዘዴ ብትመዘግቡ መጠቀሚያ ጊዜው የቀረበው ጀሪካን ቀድሞ ይውጣ።