የፔይስሊፕ ስህተት ለማሳረም ምን ተብሎ ይጻፋል?

«የግል ድርጅት ነው የምሠራው፤ መሠረታዊ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። የጥቅምት ፔይስሊፔ ላይ የጡረታ ተቀናሽ 480 ብር ይላል። ለባንክ ብድር እፈልገዋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባንክ የገባልህን ብር እይ። ለጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዝህ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው፤ ያንተ 840 ብር ይሆናል። የገባልህ ብር ከመስከረሙ ጋር እኩል ከሆነ ስህተቱ የጽሑፍ ብቻ ነው። በ360 ብር ከበለጠ ግን የተቆረጠው ራሱ አንሷል፤ ኢሜይሉ ላይ ይህንንም ግለጽ።

ለሰው ኃይል ክፍል ላክ፣ ፋይናንስንም በግልባጭ አስገባ። ስህተቱ የጽሑፍ ብቻ ከሆነ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የጥቅምት ፔይስሊፕ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ
የጡረታ ተቀናሽ 480 ብር ተብሎ ተጽፏል። ከ12,000 ብር 7 በመቶ 840 ብር ነው። የተጣራው ክፍያ በትክክል ገብቶልኛል። የታረመ ፔይስሊፕ በፊርማና በማህተም እስከ አርብ እንዲሰጠኝ፣ ከደመወዜ ተቆርጦ ለጡረታ የተላከው መዋጮም 840 ብር መሆኑ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ። የተሳሳተውን ቅጂ አያይዣለሁ።»

የመዋጮዋን ጥያቄ እንዳትተዋት። ወረቀቱ ቢታረምም የተላከው ብር ጎድሎ ከቀረ የሚጎዳው ያንተ የጡረታ መዝገብ ነው። በእስክሪብቶ ሰርዘው አስተካክለው ከሰጡህም አትቀበል፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ ባንክ ሊመልስብህ ይችላል። አዲስ ይታተምልህ።