የማግኔት ኳስን በሽቦ ማስመሰል፦ ዙሮቹ የት ይቀመጡ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወጥ ሆኖ የተማገነጠ ኳስ ምን ዓይነት መስክ እንዳለው ለተማሪዎቼ ለማሳየት፣ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር በሆነ የእንጨት ኳስ ላይ ከዋልታ እስከ ዋልታ 50 ዙር ሽቦ በእኩል ርቀት ጠመጠምኩ። 1 አምፔር ስለቅበት መሃሉ ላይ 0.42 ሚሊቴስላ ስጠብቅ 0.31 ብቻ አገኘሁ። ወደ ዋልታው ስጠጋ ደግሞ ይጨምራል። ውስጡንም በሽቦ መሙላት ነበረብኝ?

መልስ፦ ውስጡን አይሙሉት። ቁጥሮችዎ ስህተቱን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ዙሮቹን እኩል ያራራቁት በኳሱ ገጽ ላይ ነው። እኩል መሆን ያለበት ግን ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚያልፈው ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ሲለካ ነው።

ውስጡ ለምን ባዶ እንደሚሆን በመጀመሪያ እንይ። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱን አቶም እንደ ትንሽ የከረንት ቀለበት ይውሰዱት። ሁለት ጎረቤት ቀለበቶች በሚነካኩበት ቦታ የአንዱ ከረንት ወደ ላይ ሲሄድ የሌላው ወደ ታች ይሄዳል። ማግኔታይዜሽኑ (M) በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸውና ሙሉ በሙሉ ይጣፋሉ። በይዘቱ ውስጥ የሚሄደው የታሰረ ከረንት J = ∇ × M = 0 የሚባለው ለዚህ ነው። M ከቦታ ቦታ ቢለያይ ኖሮ ከመጣፋቱ የሚተርፍ ይኖር ነበር፤ ያኔ ውስጡንም መጠምጠም ግድ ይሆናል። በእርስዎ ኳስ ግን ጎረቤት ያጡት ገጹ ላይ ያሉት ቀለበቶች ብቻ ናቸው፤ የእነሱ ከረንት ሳይጣፋ ይቀራል።

ይህ የገጽ ከረንት ከዘንጉ በሚለካው ማዕዘን θ ይወሰናል፦ K = M sin θ። ወገቡ ላይ ሙሉ M ነው፤ ወደ ዋልታው ሲሄድ እየሳሳ ዋልታው ላይ ዜሮ ይሆናል። የእርስዎ ጥምጥም ግን ከወገብ እስከ ዋልታ በየ3.14 ሚሊሜትሩ አንድ ዙር ስለያዘ ከረንቱ የትም አይሳሳም። ለዋልታው የማይገባውን ዙር ሰጥተው ወገቡን አስርበውታል። በስሌት ሲታይ እንዲህ ያለ ጥምጥም መሃል ላይ μ₀NI/4R ይሰጣል፤ በእርስዎ ቁጥሮች 0.314 ሚሊቴስላ ነው። በዘንጉ ላይ ከመሃል 3 ሴንቲሜትር ሲርቁ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 0.37 ይሆናል። ያዩት ይህንኑ ነው። መለኪያዎ ደህና ነው ማለት ነው።

አሁን እርማቱ። ዘንጉን 50 እኩል ቦታ ሲከፍሉት እያንዳንዱ ክፍል 2 ሚሊሜትር ነው፤ በየክፍሉ መሃል አንድ ዙር ይቀመጣል። ስለዚህ ዙሮቹ ከኳሱ መሃል በ49፣ በ47፣ በ45 ሚሊሜትር ከፍታ እያሉ እስከ 1 ይወርዳሉ፤ በታችኛውም ግማሽ እንዲሁ። ወገብ አካባቢ ገጹ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በገጹ ላይ ያለው ክፍተትም 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ዋልታ አካባቢ ገጹ ስለሚተኛ ያው 2 ሚሊሜትር ብዙ ገጽ ይሸፍናል፦ የመጀመሪያው ዙር ከዋልታው በገጹ ላይ 10 ሚሊሜትር ይርቃል፣ ሁለተኛው ከእሱ 7.4፣ ሦስተኛው ደግሞ 5.1። ይህ መሳሳት በትክክል sin θ ነው። ሲያዩት ዋልታው የተራቆተ ይመስላል፤ ተጨማሪ ዙር አያስገቡበት።

ምልክቱን በሜትር ገጹ ላይ ለመለካት አይሞክሩ፤ ጥቃቅን ስህተት ይጠራቀማል። ኳሱን ዋልታውን ወደ ላይ አድርገው በቀለበት ላይ ያስቀምጡ፣ እርሳስ በአንድ እንጨት ላይ አግድም ይሰሩ፣ ኳሱን በዘንጉ ዙሪያ እያሽከረከሩ ክብ ያስምሩ። ከዚያ ከእንጨቱ ሥር 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የላሜራ ቁራጭ እየጨመሩ ቀጣዩን ክብ ያስምሩ። ቁራጮቹን ደራርበው በካሊፐር ይለኩ፤ አሥሩ 20 ሚሊሜትር መሙላት አለባቸው። ቶርኖ ያለው እንጨት ሠሪ ካገኙ ከሁሉም ይሻላል፤ በየ2 ሚሊሜትሩ ቀጭን ቦይ ያወጣልዎታል። ዋልታ አጠገብ ሽቦው ተንሸራቶ መውደቅ ስለሚወድ ቦይ ከሌለ እያንዳንዱን ዙር በሱፐር ግሉ ይያዙት።

ኢናሜል የተቀባ 0.5 ሚሊሜትር የሞተር ሽቦ ይበቃል። ርዝመቱ 12.3 ሜትር ያህል ነው፤ ሬዚስታንሱ 1.1 ኦም አካባቢ ስለሚሆን በ1 አምፔር 1.1 ቮልት ብቻ ይፈልጋል፤ ሙቀቱም አያሳስብም። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገሩትን ሁሉ በአንድ ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚሄድ መስመር ላይ ያድርጉና የመመለሻውን ሽቦ በዚያው መስመር ሥር ያሳልፉት። መሻገሪያዎቹ ተደምረው ከዋልታ ወደ ዋልታ 1 አምፔር ይሸከማሉ፤ መመለሻው በተቃራኒ ሄዶ ያጠፋዋል።

ይህ ጥምጥም M = NI/2R = 500 አምፔር በሜትር ከሆነ ማግኔት ጋር እኩል ነው። ውስጡ B = ⅔ μ₀M፣ ማለትም 0.419 ሚሊቴስላ በሁሉም ቦታ ነው። የመጀመሪያው ዙር ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር ስለሆነ በዘንጉ ላይ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለችግር ይበሳል፤ እንጨቱ ማግኔታዊ ስላልሆነ ቀዳዳው መስኩን አይለውጥም። መሃል ላይና በ3 ሴንቲሜትር ላይ ይለኩ፤ ሁለቱ ንባቦች መቀራረብ አለባቸው። ከዚያ አልፈው ወደ ዋልታው ከተጠጉ ሴንሰሩ የእያንዳንዱን ሽቦ መስክ ለይቶ ማየት ይጀምራል።

የምድርን መስክ አይርሱ። ሰሜን ሸዋ ከማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ የምድር መስክ እዚያ አግድም ተኝቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ መጠኑም 35 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። የኳሱን ዘንግ በኮምፓስ ምሥራቅ–ምዕራብ ካደረጉት በዘንጉ አቅጣጫ ምንም አይደርስበትም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ከረንቱን ገልብጠው ሁለቴ ይለኩ፤ የንባቦቹን ልዩነት ለሁለት ሲያካፍሉ የሴንሰሩ የዜሮ ስህተትም አብሮ ይወጣል።

ለተማሪዎችዎ ከሁሉ የሚጠቅመው ፈተና ወገቡ ላይ ነው። በወገቡ በኩል ልክ ከገጹ ውጭ መስኩ አቅጣጫውን ገልብጦ 0.209 ሚሊቴስላ ይሆናል። ከውስጥ ወደ ውጭ ያለው ዝላይ 0.628 ነው፤ ይህም በትክክል μ₀K ነው፣ ከገጽ ከረንቱ ሌላ ምንጭ የለውም። ሽቦው ላይ ተለጥፈው ከመለካት ግን 1 ሴንቲሜትር ርቀው ይለኩ፤ 0.121 ማግኘት አለብዎ። በውጭ በኩል ኳሱ እንደ አንድ ነጥብ ዳይፖል ስለሆነ መስኩ ከመሃል ባለው ርቀት ኩብ ይቀንሳል። ዘንጉ ላይ ከመሃል 10 ሴንቲሜትር ሲርቁ 52 ማይክሮቴስላ ይቀራል፤ ያኔ ከረንቱን መገልበጥ ግዴታ ነው።

ጠንከር ያለ መስክ ፈልገው እንጨቱን በብረት ኳስ እንዳይተኩ። ብረቱ የራሱን የታሰረ ከረንት ያመጣና የሚለኩት የሽቦውን ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከእውነተኛ ማግኔት ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ የኒዮዲሚየም ኳስ ይያዙ፦ ሬማነንሱ 1.2 ቴስላ ከሆነ ዋልታው ላይ የሚጠበቀው ሁለት ሦስተኛው፣ 0.8 ቴስላ ነው። ሴንሰሩ ከገጹ በላይ 1 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር በሆነ ኳስ ላይ ወደ 0.6 ይወርዳል፤ ማግኔቱ ደከመ ብለው እንዳይጥሉት።