ከርዕሱ አጠገብ ሦስት ብቻ፦ የዩቲዩብ ሃሽታግ ጥያቄና መልስ

አቡሽ ኤዲተር፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ስለ ዩቲዩብ ሃሽታግ ብቻ ነው የምመልሰው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ሃሽታግ የምንለው በርዕሱ ወይም በዲስክሪፕሽኑ ውስጥ # አድርጋችሁ የምትጽፉትን ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ታች ያለው የታግ ሳጥን ሌላ ነው። ጀምሩ።

ሰናይት ከዱባይ፦ ወንድሜ፣ የምግብ ቻናል አለኝ። ድሮ ከርዕሴ አጠገብ ሦስት ሰማያዊ ቃላት ይወጡ ነበር። ባለፉት አራት ቪዲዮዎች አንድም የለም። እኔ ምንም አልነካሁም። ቻናሌ ተመታ እንዴ?

አቡሽ ኤዲተር፦ አልተመታም። የመጨረሻውን ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን እንዳለ ኮፒ አድርጊና እዚህ ለጥፊልኝ።

(ለጠፈችው። ስልኬን ሦስቴ ወደ ታች ገፋሁ፣ አላልቅ አለኝ።)

ቆጠርኩት እህቴ። ከላይ 24፣ ከታች 41፣ በድምሩ 65 ሃሽታግ አለሽ። ገደቡ 60 ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዩቲዩብ ትርፎቹን አምስቱን ቆርጦ 60ውን አይተውልሽም። ከ60 ካለፍሽ ሁሉንም እንዳልተጻፉ ይቆጥራቸዋል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ ጽሑፍ የለ፤ ቪዲዮው በሰላም ይወጣል። ኢንስታግራም ለዓመታት ገደቡ 30 ነበር፤ እሱ ግን ስታልፊ አልቀበልም ይልሽ ስለነበር ታውቂያለሽ። ዩቲዩብ ዝም ነው የሚለው።

ሰናይት ከዱባይ፦ እኔ የጻፍኩት 24ቱን ብቻ ነው! በፊት 15 ነበር የማደርገው፣ በቅርቡ ከአንዲት ጓደኛዬ 24 ወሰድኩ። 41ዱ ከየት መጣ?

አቡሽ ኤዲተር፦ ስቱዲዮ ውስጥ Settings ግቢ፣ ከዚያ Upload defaults የሚለውን ክፈቺ። ምን አለ?

ሰናይት ከዱባይ፦ ውይ! ቻናሉን የከፈተልኝ ልጅ ነው የጻፈው። ቁጭ ብሏል፣ ሙሉ 41።

አቡሽ ኤዲተር፦ በቃ ተገኘ። እዚያ የተጻፈ ነገር በእያንዳንዱ አዲስ ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን ላይ ራሱ ይገባል። በፊት 41 ሲደመር 15፣ 56 ነበርሽ። በአራት ተርፈሽ ነበር። አሁን 65 ሆንሽ። እነዚያን 41 ከዚያ አጥፊ። ግን ይህ የሚሠራው ለሚቀጥሉት ቪዲዮዎች ነው። የወጡትን አራቱን አንድ በአንድ ገብተሽ ማረም አለብሽ።

ቀዮ፦ አቡሽ ተሳስተሃል። ገደቡ 15 ነው። የዩቲዩብ የራሱ ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ።

አቡሽ ኤዲተር፦ አንብበሃል፣ አልዋሸህም። ድሮ 15 ነበር፣ ኋላ 60 ተባለ። ብዙ ቪዲዮ አሁንም 15 እያለ ያስተምራል። ግን የሰናይትን ተመልከት፤ በ56 ይታይላት ነበር። በ15 ቢሆን ኖሮ ያኔም ባዶ ነበር።

ቀዮ፦ እሺ። ግን ከርዕሱ አጠገብ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ናቸው፣ ይህን አትክድም።

ፍቅር ዘ ቪሎግ፦ አይደለም ባክህ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ሳይታይ አራተኛው ወጥቶ አይቻለሁ።

ቀዮ፦ ስክሪንሾት?

ፍቅር ዘ ቪሎግ፦ ስልኬን ቀይሬያለሁ።

ቀዮ፦ ሁሌም ስልክ ይቀየራል።

አቡሽ ኤዲተር፦ ተዉ እንጂ። ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ልክ ናችሁ። ሲጀመር ደንቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነበር። ኋላ ዩቲዩብ አጻጻፉን ቀየረው፤ በዲስክሪፕሽኑ ካሉት ውስጥ ሰው ይበልጥ የሚነካካቸው እስከ ሦስት ድረስ ይታያሉ አለ። ከሃያ ሃሽታግ የሚመርጠው እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። ለዚህ ነው ሰናይት 56 ስትደረድር ከርዕሱ አጠገብ የሚወጣላት #ethiopia እና #subscribe የነበረው፣ የወጧ ስም አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት ብቻ ጻፍ። ሦስት ከጻፍክ የቱም ደንብ ቢሠራ የሚታዩት እነዚያው ናቸው።

ሄኖክ፦ ለምን ሦስት ብቻ? አሥር ቢያሳዩ ምን ይጎዳቸዋል?

አቡሽ ኤዲተር፦ ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ስልክህን አውጣና ርዕሱ ያለበትን ቦታ እይ። አንዲት ጠባብ መስመር ናት። ከሦስት በላይ ቢሆን ቦታው አይበቃም። ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ሃሽታግ መውጫ በር ነው። ሰው ሲነካው ያንን ሃሽታግ የጻፉ የሌሎች ሰዎች ቪዲዮ ወደተደረደረበት ገጽ ይሄዳል። ከቪዲዮህ ወጣ ማለት ነው። #ethiopianfood ብለህ ስትጽፍ ተመልካችህን ከአንተ አሥር እጥፍ ትልቅ ቻናል ወዳለበት ገበያ እየሸኘኸው ነው። እኔ ስለዚህ አንዱን የምግቡን ስም፣ አንዱን ወቅቱን፣ አንዱን የቻናሉን የራሱን ስም አደርጋለሁ። የቻናሉ ስም ሲነካ የሚከፈተው ገጽ ላይ ያለው የራስህ ሥራ ነው።

እና አንድ ነገር። ርዕሱ ውስጥ ራሱ # ከጻፋችሁም ሃሽታግ ይሆናል። ርዕሱ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ይሆናል፣ አለቀ።

ማሜ፦ ሃሽታግ ስንት ላድርግ?

አቡሽ ኤዲተር፦ ወደ ላይ አንብብ።

ማሜ፦ የታዋቂ ዘፋኝ ስም ብጨምርስ? የኔ ቪዲዮ ስለ መኪና ነው ግን ሰው ይፈልገዋል።

አቡሽ ኤዲተር፦ አታድርግ። ካልተያያዘ አታድርግ። ለዚህ ቪዲዮው ራሱ ሊነሳ ይችላል።

መምህር ተካ፦ ልጄ፣ እኔ 500 ፊደል ሞልቶብኛል ይለኛል። ገደቡ 60 ነው ስትል እኔ ግን ሃያ እንኳ አልጻፍኩም።

አቡሽ ኤዲተር፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉት የታግ ሳጥኑን ነው። እሱ ነው በ500 ፊደል የሚገደበው። ለተመልካች አይታይም፣ ከርዕስም አጠገብ አይወጣም። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

መምህር ተካ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሌላ ልጠይቅ። እኔ #አዲስዓመት እያልኩ እጽፋለሁ። የልጅ ልጄ በአልፋው አ ጻፍ ይለኛል። ይህ ስሕተት ማስተማር አይሆንም?

አቡሽ ኤዲተር፦ እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ የራሱ ጣጣ አለው። ለማሽኑ ዓ እና አ ሁለት ፊደል ናቸው። #አዲስዓመት እና #አዲስአመት የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው። በብሮውዘር ይህን ይክፈቱ፣ ከዚያ ቃሉን በሌላው ፊደል ይቀይሩ፦

```
youtube.com/hashtag/አዲስዓመት
```

የትኛው ገጽ ላይ ብዙ ቪዲዮ እንዳለ ያያሉ። ፀሐይን ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው አስቡት።

ፍቅር ዘ ቪሎግ፦ ሰው በስልክ ሲጽፍ የቀለለውን ነው የሚጽፈው። አ ይሁን።

መምህር ተካ፦ የቀለለው ሁሉ ትክክል ከሆነማ ሰዋስው ለምን አስተማርን?

ቀዮ፦ ሁለቱንም ይጻፏቸው።

አቡሽ ኤዲተር፦ ሁለቱን ከጻፉ ከሦስቱ ቦታ ሁለቱን ለአንድ ቃል ሰጡ። እኔ ብዙ ቪዲዮ ያለበትን እመርጣለሁ። መምህር ግን የሚያስተምሩት ፊደል ነውና የሳቸው ይለያል። ይወስኑ።

ማሜ፦ ቪውዬ ለምን ቀነሰ?

አቡሽ ኤዲተር፦ አላውቅም ማሜ።

ሰናይት ከዱባይ፦ አረምኩት! 62ቱን አጥፍቼ ሦስት ብቻ ተውኩ። ወጣ! ግን ሦስተኛው ጎደለ። #ዶሮወጥ አለ፣ የቻናሌ ስም አለ። ሦስተኛው #የፋሲካ ብቻ ሆኖ ቀረ።

አቡሽ ኤዲተር፦ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?

ሰናይት ከዱባይ፦ #የፋሲካ ምግብ።

አቡሽ ኤዲተር፦ ክፍተቱን አጥፊው። ከክፍተቱ በኋላ ያለው ለእሱ ተራ ጽሑፍ ነው። #የፋሲካምግብ፣ አንድ ላይ። አንቺ ገና ሦስት ቪዲዮ ይቀርሻል፣ ሳትተኚ ጨርሺው።