«ቤይሊ» ማለት ዋስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ 300 ኩንታል ማሾ ላስቀምጥ ነው። የሰጡኝ ውል በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤይሊ፣ ሊን፣ ቶርት የሚሉ ቃላት አሉበት። ወንድሜ «ቤይል የእስረኛ ዋስትና ነው፣ እንዳትፈርም» አለኝ። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ የሚያሳስር ነገር የለውም። ወንድምዎ ቤይልን በትክክል ተርጉመውታል፤ የተጠርጣሪ ዋስትና ነው። ውሉ ላይ ያለው ቤይሊ ግን ሌላ ቃል ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ «አደራ ተቀባይ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ማሾው የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል፣ መጋዘኑ ጠብቆ ይመልሳል። ይኼ ለእርስዎ የሚጠቅም ቃል ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሊን ነው። ብዙ ሰው «መያዣ» ብሎ ይተረጉመዋል። መያዣ ግን አስበው ለብድር የሚሰጡት ነገር ነው። እዚህ ላይ ያለው ሊን «ክፍያ እስኪፈጸም ይዞ የማቆየት መብት» ቢባል ይሻላል። መጋዘኑ ሒሳቡ ካልተከፈለው ማሾውን አልለቅም ማለት ይችላል። ማሾው ከእጁ ከወጣ ግን መብቱም አብሮ ይወጣል።

ዋናው ጥያቄ ለየትኛው ዕዳ ነው የሚለው ነው። የማሾው ኪራይ 15,000 ብር ደረሰ እንበል። ከአምና ጤፍ ደግሞ 40,000 ብር ቀርቶብዎታል። ሊኑ ለዚሁ ዕቃ ብቻ ከሆነ 15,000 ከፍለው ማሾዎን ይጭናሉ። «ጄኔራል ሊን» ወይም «ማናቸውም ዕዳ» የሚል ካለበት ግን 55,000 ካልከፈሉ አንድ ኩንታል አይወጣም። በአምናው ሒሳብ ስትከራከሩ ኪራዩ ይቆጥራል፣ ነቀዙም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ «ለዚሁ ዕቃ ማከማቻ ክፍያ ብቻ» የሚል ይጨመርልኝ ይበሉ። መያዝ ማለት መሸጥ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። መጋዘኑ ሊሸጥ ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ ለብቻው አሳዩኝ።

ቶርት በእኛ ሕግ «ከውል ውጭ ኃላፊነት» ነው። የመጋዘኑ ፎርክሊፍት የእርስዎን ጫኝ ቢገጨው ልጁ ከመጋዘኑ ጋር ውል የለውም፤ የሚጠይቀው በዚህ ነው። ማሾዎ ቢበላሽ ግን የእርስዎ ጥያቄ የውል ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የክስ ጊዜው 2 ዓመት ነው፣ ለውል ግን ሌላ ድንጋጌ ከሌለ 10 ዓመት። ውሉ «በውልም በቶርትም አልጠየቅም» የሚል ከሆነ መጋዘኑ ሁለቱንም በር እየዘጋ ነው። እኔ ብሆን እሱን ሳላሰርዝ አልፈርምም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአማርኛ ቅጂ ያሠሩና «ልዩነት ሲኖር አማርኛው ይጸናል» የሚል መስመር ያስገቡ። የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛውም ይዩ። የውጭ ሕግ ከሆነ እነዚህ ትርጉሞቼ አይሠሩልዎትም።