የመቀበያ ፎርሙ ላይ «ጥሩ» የሚለውን አውጡት

«ለገና ከሰፈር ልብስ፣ ምግብና ብርድ ልብስ እየሰበሰብን ነው። መቀበያ ፎርሙ ላይ ዓይነት፣ ብዛትና ሁኔታ (ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ) አድርገናል። ሌላ ምን እንጨምር?»

እህቴ፣ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር ቀንሱ። «ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ» የሚለውን አውጡት። እኛም በ2017 ገና ፒያሳ አካባቢ ስንሰበስብ ልክ እንደ እናንተ አድርገን ነበር።

ፎርማችን ላይ 60 ብርድ ልብስ ተመዝግቧል። እኛም ያንን አምነን 60 አባወራ ጠራን። እሁድ ታህሳስ 27 ጠዋት ማዳበሪያዎቹን ስንፈታ ለሰው የሚሰጥ የወጣው 41 ብቻ ነው። 8ቱ ጭራሽ ብርድ ልብስ አይደሉም፣ ወፍራም አንሶላና መጋረጃ ናቸው። 7ቱ እርጥበታቸው ሳይደርቅ ታጥፈው ገብተው ሸተዋል። 4ቱ ላይ ትኋን አለ። 19 ሰው፣ አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት እናቶች፣ ከጠዋት ጀምረው ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ ፎርሙን ይዘን ስናየው ማንም አልዋሸም። ተቀባዩ የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ ከላይ ያለውን አይቶ «ጥሩ» ብሏል፣ ያለውም እውነት ነው፣ ከላይ ያለው ጥሩ ነበር። ችግሩ «ጥሩ» የሚለው ቃል ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ለአንዱ ጥሩ የሆነው ለሌላው ያረጀ ነው፣ «መካከለኛ» የሚለውን ደግሞ ሰው የሚጽፈው መወሰን ሲያቅተው ነው።

አሁን በዚያ ቦታ ሦስት ቃል ብቻ አለን፦ ይሰጣል፣ ይታጠባል፣ አይሰጥም። ተቀባዩ ከሦስቱ አንዱን ለመጻፍ ግድ ዕቃውን አውጥቶ ማየት አለበት። ከጎኑ «የት ተቀመጠ» የሚል አለ። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ ቁጥር 17፣ ብርድ ልብስ፣ ባለ ሁለት ሰው፣ 3፣ ይታጠባል፣ በረንዳ። 17 ቁጥሩ በማርከር ማዳበሪያው ላይም ይጻፋል። አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ከተገኘ ሁለት መስመር ይሆናል፣ ዕቃውም ለሁለት ይለያል። «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር በፍጹም አትፍቀዱ፣ እዚያ የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም።

ብርድ ልብስ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋው፣ አንሶላ ከሆነ ወዲያው ይለያል። ከዚያ መሃሉን በእጅ መዳፍ ተጫኑት። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ብርድ ልብስ በመዳፍ ስር ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲታጠፍም ይከብዳል። ቀጥሎ ጠርዙንና ስፌቱን እዩ። ትኋን ካለ ስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ በእስክሪብቶ የተነካካ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሌላው ዕቃ ካለበት ክፍል አይግባ። ፌስታል ውስጥ ታስሮ ውጭ ይቀመጥ። አንዳንዱ «ሁለት ሳምንት አስረን እናቆየዋለን፣ ይሞታል» ይላል። ይሄ ለልብስ ቅማል ይሠራል፣ ቅማል ከሰው ገላ ከተለየ ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ትኋን ግን ሳይበላ ወራት ይቆያል። እሱን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ቢያንስ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ማጠብ። ያን ያህል ውሃ የምታፈሉበት ከሌላችሁ «አይሰጥም» ብላችሁ ጻፉና ጨርሱ። የልብስ ቅማልንም ቀላል አታድርጉት፣ ተስቦ የሚተላለፈው በሱ ነው።

«ይታጠባል» ያላችሁት ጊዜ ይፈልጋል። የታህሳስ ፀሐይ ጎበዝ ናት፣ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ውስጡ እስኪደርቅ እኛ ዘንድ ሁለት ሙሉ ቀን ወስዷል፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ እንዳይመታው ማስገባት አለባችሁ። ስለዚህ ብርድ ልብስ መቀበል ከስርጭቱ አምስት ቀን በፊት አቁሙ። ልብስና ምግብ እስከ ዋዜማው ቢመጣ ችግር የለውም።

ልብሱ ብዙም አያስቸግርም። የሴት፣ የወንድ፣ የልጅ ብላችሁ ለዩ፣ የልጅ ከሆነ ዕድሜ በግምት ጻፉ። ጃኬት ዚፑን ስቡት። ጫማ ሁለቱ በክር ካልታሰረ አትመዝግቡት። የውስጥ ልብስ አዲስ ካልሆነ አይሰጥም፣ እዚህ ላይ አንከራከርም።

ምግብ ላይ እኛን ያሳበደን ቀን ነው። ከውጭ የሚመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አንዳንድ የአገር ውስጥ ዱቄት ደግሞ በእኛ። አንድ ልጅ 04/2017 የሚል የዱቄት ከረጢት አይቶ «ካለፈበት ሰባት ዓመት ሆኖታል» ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስኩበት። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፣ ያን ጊዜ ያለንበት ወር ታህሳስ ነው፣ ገና አላለፈም። ሌላዋ ደግሞ 01/2025 የሚል የማካሮኒ ካርቶን ስትመዘግብ 01ን መስከረም ብላ ጻፈች። ጃንዋሪ ማለት እኮ ነው፣ ያለቀው ጥር 23 ነው። የሚቀጥለው መስከረም ነው ብለን መጋዘን ብንከተው ኖሮ አልፎበት እናድለው ነበር። አሁን ደንባችን ቀኑ እሽጉ ላይ እንዳለ ይገለበጣል፣ ከጎኑ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ይጻፋል፣ ወደ እኛ የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአንድ ወር በታች የቀረው ለቤተሰብ አይሰጥም። ያን ማካሮኒ በየቀኑ ለሚያበስል ምገባ ማዕከል ወሰድነው፣ በሳምንት አለቀ።

ቤት የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ቀን የለውም። የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ከፍታችሁ አሽትቱ። ምስር ላይ ነቀዝ ከታየ ተነፍቶና ተለቅሞ ይበላል፣ ሻጋታ ግን ላዩን ጠርጎ መስጠት አይቻልም፣ የማይታየው ውስጥ ገብቷል፣ መርዙም በማብሰል አይጠፋም። ኦሞና ሳሙና ከዱቄት ጋር በአንድ ፌስታል ከመጣ ወዲያው አውጡት፣ አንድ ሌሊት ካደረ ዱቄቱ ይሸታል።

የሰጪውን ስም ከዕቃው ሁኔታ ጎን አትጻፉ። እኛ ጽፈን ነበር፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ያየች ጎረቤት «አይሰጥም» የሚለውን አንብባ አዝናለች። ለሰጪው ቁጥር ያለው ብጣሽ ወረቀት ስጡ፣ በቂ ነው።

ማታ ማታ ስትደምሩ «ይሰጣል» የሚለውን ብቻ ደምሩ። ሰው የምትጠሩት በሱ ልክ ነው። ታጥቦ የደረቀው «ይታጠባል» የሚለው ተሰርዞ «ይሰጣል» ሲባል ያኔ ይቆጠራል።

እነዚያን 19 ሰዎች በተመለከተ፣ 7ቱን ብርድ ልብስ አጥበን በሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ወሰድንላቸው። ለቀሩት 12 ከእድራችን ገንዘብ ወጥቶ መርካቶ ሄደን ገዛን።