ስለ በጀት ለገምጋሚዎች ሲናገሩ

ጥያቄ፦ «ሐረር ጁገል ውስጥ ለሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና የምንሰጥ ማኅበር አስተባባሪ ነኝ። ባለፈው ዙር 30 ሴቶች ጀምረው 24ቱ ጨርሰዋል፤ ዛሬ በስፌት ገቢ የሚያገኙት 15 ናቸው። ለሚቀጥለው ዙርም 30 ሴቶችን ለማሠልጠን 900,000 ብር ጠይቀን፣ ገምጋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ እንዳስረዳ ተጠርቻለሁ። ምን ልበል? በጀቱን ቢቀንሱብኝስ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ንግግርዎን በ15ቱ ሴቶች ይጀምሩ። «30 ሴቶች ተቀብለናል» የሚለው የሠራችሁትን ሥራ ይናገራል እንጂ የሥራውን ውጤት አይናገርም፤ ውጤቱ ከሥልጠናው በኋላ በሴቶቹ ኑሮ ላይ የመጣው ለውጥ ነው። ስለዚህ ስንቶቹ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ተቀጥረው እንደሚሠሩ፣ ስንቶቹ ቤታቸው ሆነው እንደሚሰፉ፣ ይህንንም መቼ ጠይቃችሁ እንዳረጋገጣችሁ ይናገሩ። ያቋረጡትን 6 ሴቶች እና ጨርሰው ገቢ ያላገኙትን 9 ሴቶች አይደብቁ፤ ገምጋሚው ቁጥሩን ራሱ ቀንሶ ከሚደርስበት ምክንያቱን ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

በጀቱን ሰንጠረዥ እያነበቡ አያሰልቿቸው። «ከ100 ብር 45ቱ ለስፌት መኪና እና ለጨርቅ፣ 30ው ለአሠልጣኝ፣ 10ሩ ለቤት ኪራይ፣ 15ቱ ለአስተዳደር ይውላል» ቢሉ ሁሉም ይከተልዎታል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የአሠልጣኟ ደመወዝ ደግሞ የሥልጠናው የራሱ ወጪ ስለሆነ ከአስተዳደር ጋር አይደባልቁት። ብዙ አስተባባሪዎች ሲጠየቁ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው።

«በ600,000 ብር ብትሠሩትስ?» ብለው ቢጠይቁዎት፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርስዎ በይሉኝታ «እንሞክራለን» እንዳይሉ ነው። ገንዘቡ በሢሶ ቢቀንስ የሠልጣኞቹ ቁጥር በሢሶ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ሠልጣኞቹ 30ም ሆኑ 10 የአሠልጣኟ 270,000 እና የኪራዩ 90,000 ብር አይለወጥም። ከ600,000 ላይ እነዚህ ሲነሡ 240,000 ብር ይቀራል። ከሠልጣኝ ቁጥር ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው የመኪና፣ የጨርቅና የአስተዳደር ወጪ ለአንዲት ሴት 18,000 ብር ስለሚደርስ፣ የቀረው ገንዘብ የሚበቃው ለ13 ሴቶች ብቻ ነው። ይህንን ስሌት በወረቀት ይዘው ይግቡና በእርጋታ ያስረዷቸው።

አስቀድመው ወደ ቀበሌው ሄደው የሥልጠና ቤት ያለ ኪራይ ይሰጣችሁ እንደሆነም ይጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ በዚያው 600,000 ብር 18 ሴቶችን ማሠልጠን ትችላላችሁ፤ የፈቃዱን ደብዳቤም ከስሌቱ ጋር አያይዘው ያቅርቡት።